መጋዘኑ ባዶ በሆነበት ወር ብድር መጠየቅ፦ የባሕር ዳር ሩዝ ነጋዴ ለባንክ የሚጽፈው የክምችት ደብዳቤ

ኅዳር ሲገባ ከጣና በስተምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ሩዝ መታጨድ ይጀምራል። ወረታ ያሉ መፈተጊያዎች ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ከባሕር ዳር የሚወጣ አይሱዙ ሁሉ ወደ ጎንደር መንገድ ያዞራል። ገንዘብ ያለው ነጋዴ እስከ ጥር ድረስ ገዝቶ ያከማቻል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ በየሳምንቱ ሰባት ስምንት ኩንታል ከጅምላ ሻጭ እያነሳ ክረምትን ይሻገራል። የሥራ ማስኬጃ ብድር የሚጠየቀውም በዚሁ በኅዳር ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ነጋዴው ባንክ የሚሄድበት ወር መጋዘኑ በዓመት ውስጥ በጣም ከሚሳሳባቸው ወራት አንዱ ነው። የብድር ባለሙያው መጥቶ በሩን ሲከፍት የሚያየው ግማሹ ባዶ የሆነ ክፍል ነው።

ባለሙያው በዚህ ጊዜ የሚያስበውን መገመት ከባድ አይደለም። ማመልከቻው በወር 30 ኩንታል ይሸጣል ይላል፣ መጋዘኑ ውስጥ ግን የአንድ ወር እንኳ የለም። ወይ ሽያጩ ተጋኗል፣ ወይ ገንዘቡ ወደ ሌላ ነገር ሄዷል ብሎ ይጠረጥራል። ያው ነጋዴ ጥር መጨረሻ ላይ ቢያመለክት ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፦ ይህን ያህል ሩዝ ይዘህ ብድር ምን ያደርግልሃል? ወይስ ዕቃው አልሸጥ ብሎህ ነው? የአንድ ቀን ቆጠራ ብቻውን ቢበዛም ቢያንስም በነጋዴው ላይ ይተረጎማል። የክምችት ማብራሪያ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መጠኑን መናገር የደብዳቤው ትንሹ ሥራ ነው፤ ዋናው ሥራው መጠኑ ለምን በዚያ ቀን ያን ያህል እንደሆነ ማስረዳት ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ማንም በራሱ ደረሰኝ ይተካቸው። ነጋዴዋ በባሕር ዳር ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅና ከጀርባው አንድ መጋዘን አላት። የተፈተገ የፎገራ ሩዝ ለእንጀራ ጋጋሪዎች፣ ለምግብ ቤቶችና በኪሎ ለሚገዙ ቤተሰቦች ትሸጣለች። የጠየቀችው ብድር 420,000 ብር ነው። ቆጠራው የተደረገው ኅዳር 10 ነው።

ከጆንያው እንጀምር። መጋዘኑ ውስጥ ባለ 50 ኪሎ 76 ጆንያ አለ፣ ማለትም 38 ኩንታል። ብዙ ደብዳቤዎች ይህን አንድ ቁጥር ጽፈው ያልፋሉ፤ ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። ከ76ቱ ጆንያ 24ቱ የነጋዴዋ አይደሉም። አምና ያመረቱትን ዋጋ እስኪሻሻል ያቆዩ ሁለት የፎገራ ገበሬዎች በአደራ ያስቀመጡት ነው፤ ሲሸጥ ገንዘቡ ለእነሱ ይሄዳል፣ እሷ የምታገኘው ኮሚሽን ብቻ ነው። ስለዚህ የእሷ ክምችት 52 ጆንያ ወይም 26 ኩንታል ነው። ከዚህም ውስጥ 6 ኩንታሉ ከጅምላ ሻጭ በዱቤ የመጣ፣ ኅዳር 25 የሚከፈልበት ነው። በዱቤ የመጣው የእሷ ዕቃ ስለሆነ ይቆጠራል፣ ዕዳው ግን ጎን ለጎን መጻፍ አለበት። አደራው ጨርሶ አይቆጠርም።

የአደራ ዕቃን ደምሮ ማቅረብ ለጊዜው መጋዘኑን ሞላ ያደርገዋል። ባለሙያው ግን ብዙ ጊዜ ከነጋዴው ቀድሞ ዕቃ ጫኙን ነው የሚያነጋግረው። «ይሄ የማን ነው?» ብሎ በዋዛ ሲጠይቅ ልጁ «የአባባ አደራ ነው» ካለ ከዚያ በኋላ የደብዳቤው ቁጥር ሁሉ ይጠረጠራል። ከጎረቤት ሱቅ ጆንያ ተውሶ ለጉብኝት ቀን መደርደርም የተለመደ ነው፤ እሱም ቶሎ ይታወቃል። ወለሉ ላይ አቧራው ያልተነካ ቦታ፣ በአንዱ ክምር ላይ ብቻ የሚታይ የሌላ ነጋዴ ምልክት፣ ከግዢ ደብተሩ የሚበልጥ ብዛት ያጋልጡታል። ሁለቱን ክምሮች ለያይቶ በወረቀት ምልክት ማድረግ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፦ በግራ ግድግዳ በኩል የአደራ 24፣ በቀኝ በኩል የራስ 52፣ ስምንት ስምንት ሆኖ ስድስት ድርብ፣ አናቱ ላይ አራት። መሃሉ ባዶ አለመሆኑ እንዲታይ ክምሩ ከግድግዳው ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ይህ ለቆጠራ ብቻ ሳይሆን ለሩዙም ይበጃል፤ በሐይቁ ዳር ከተማ በክረምት ወለል ላይ የተቀመጠ ጆንያ ከታች እርጥበት ይስባል።

ሚዛኑም አንድ ቃል ይገባዋል። ባለ 50 ኪሎ የተባለ ጆንያ ሁሉ 50 ኪሎ አይደለም። አሥሩን በዘፈቀደ መዝኖ አማካዩን መጻፍ ይበቃል። እያንዳንዱ ጆንያ አንድ ኪሎ ቢጎድል ከ52 ጆንያ ግማሽ ኩንታል ጎደለ ማለት ነው።

ሌላው በሩዝ ንግድ ላይ ብቻ የሚመጣ ጣጣ ያልተፈተገው ነው። በታህሳስና በጥር አንዳንዱ ነጋዴ ያልተፈተገ ሩዝ ገዝቶ ወረታ መፈተጊያ ቤት ያስቀምጣል፤ ገለባው ስላልተነሳ ለነቀዝ ብዙም አይጋለጥም፣ በፍላጎቱ መጠን እየፈተገ ያመጣዋል። ነገር ግን 100 ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ ከተፈተገ በኋላ ከ60 እስከ 67 ኪሎ ገደማ ነው የሚወጣው። ስለዚህ 40 ኩንታል ያልተፈተገ አለኝ ያለ ሰው በእጁ ያለው ወደ 26 ኩንታል ሩዝ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓምድ የደመረ ደብዳቤ፣ ነጋዴው ሳያስበው፣ ያልተፈተገውን ክምችት በግማሽ ያህል አጋንኖታል። የእኛ ነጋዴ በኅዳር ያልተፈተገ የላትም፤ ካላት ግን በተለየ መስመር፣ የት መፈተጊያ ቤት እንዳለና በምን ደረሰኝ እንደተቀመጠ ተጽፎ መቅረብ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፣ ወደ እንቅስቃሴው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ፣ የዚያን ቀን ቆጠራ ሂሳብ የሚይዝ ነጋዴ ሁሉ ለግብር ያውቀዋል። መነሻው እሱ ይሁን። ሰኔ 30 በመጋዘኑ 24 ኩንታል ነበር። ከሐምሌ 1 እስከ ኅዳር 10 ድረስ 139 ኩንታል ተገዛ። በእነዚህ 135 ቀናት (ጳጉሜን 5 ቀን ብለን) 136 ኩንታል ተሸጠ፣ በቀን አንድ ኩንታል ያህል። 24 እና 139 ሲደመር 163 ነው፤ 136 ሲቀነስ 27 ይቀራል። በቆጠራ የተገኘው 26 ነው። አንድ ኩንታል ጎድሏል።

ይህን አንድ ኩንታል መደበቅ አያስፈልግም። ከ163 ኩንታል አንዱ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ በጆንያ ቀዳዳ የፈሰሰ፣ ከነቀዝ የተበጠረ፣ ለናሙና የተሰጠ፣ ከሚዛን የጎደለ ነው ብሎ መጻፍ ይበቃል። እንዲያውም ኩንታል ለኩንታል የሚገጥም ሂሳብ ነው ባለሙያ የሚያስጠረጥረው፤ ቆጠራው ከደብተሩ ተገልብጦ የተጻፈ ይመስላል። ልዩነቱ አምስት ስድስት በመቶ ከደረሰ ግን ሌላ ነገር አለ፦ ወይ በዱቤ የወጣ ሽያጭ አልተመዘገበም፣ ወይ ቤት የተበላ አለ፣ ወይ ሠራተኛ ወስዷል። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ይህ መጣራት አለበት።

የክምችቱ መሳሳት የሚገባው የዓመቱ መስመር ሲታይ ነው። ነጋዴዋ አምና ጥር 30 ላይ 61 ኩንታል ነበራት፤ በራሷ ገንዘብ ልትገዛ የቻለችው ይህን ያህል ነው። መጋቢት 30 ላይ 22፣ ሰኔ 30 ላይ 24፣ ዘንድሮ ጥቅምት 30 ላይ 25። ይህን መስመር ያየ ባለሙያ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ክምችቱ ከመጋቢት ወዲህ በ22 እና በ26 መካከል ነው የቆየው፤ የሦስት ሳምንት ሽያጭ መሆኑ ነው። ከዚያ በታች እንዲወርድ አትፈቅድም፣ ምክንያቱም በክረምት ዝናብ ወይም በመንገድ መዘጋት መኪና አንድ ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ሁለተኛ፣ በጥር የቆመው 61 ላይ ነው፤ ያቆመው የገንዘቡ ማለቅ እንጂ የገበያው ማነስ አይደለም። 26 ኩንታል ትንሽ መስሎ የታየው ሰውዬ አሁን የማይታለፍ ዝቅተኛ መጠን አድርጎ ያየዋል። አራት ቁጥር በቂ ነው፤ የአሥራ ሁለት ወር ሰንጠረዥ አባሪ ላይ ይግባ።

እዚህ ላይ ብር ሳይሆን ኩንታል የምንቆጥረው በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብዙ ዕቃ ዋጋ ተለውጧል። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ ባለ ሱቅ የክምችቱ ብር አድጎ ካርቶኑ ያነሰበት ጊዜ ሞልቷል። በብር ብቻ የተጻፈ ክምችት አድጌያለሁ ይላል፤ በብዛት ሲታይ ግን ነጋዴው ያው ብር ስለማይበቃው መደርደሪያውን መሙላት አቅቶታል። ለሥራ ማስኬጃ ብድር ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም፣ ሁለቱም ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ከተጻፉ።

ብሩ የሚሰላው በመግዣ ዋጋ ነው። 26ቱ ኩንታል በክረምቱ የጅምላ ዋጋ፣ ማጓጓዣና ማውረጃ ተጨምሮ፣ በ8,600 ብር ገብተዋል፤ 223,600 ብር። በሱቁ የሚሸጡት 9,200 ስለሆነ በዚያ ቢሰላ 239,200 ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሆኖም ያልተሸጠ ዕቃ ላይ ትርፍ መቁጠር ነው፤ ባንኩ ደረሰኞቹን ሲያይ መልሶ ይቀንሰዋል። ዕቃው ገበያ ላይ ከመግዣው በታች ከወረደ ደግሞ የወረደው ዋጋ ይያዛል። ነቀዝ የነካው፣ የረጠበ ወይም ስብርባሪ የበዛበት ሩዝ ካለ ለብቻው ይጻፍ።

ከ223,600 የጅምላ ሻጩ ዕዳ (6 ኩንታል በ8,600፣ 51,600 ብር) ሲቀነስ 172,000 ይቀራል። በባንክና በእጅ 310,000 ብር አለ። ጋጋሪዎችና ምግብ ቤቶች የወሰዱት ዱቤ 78,000 ነው። ሲደመር 560,000 ብር የሚንቀሳቀስ የራስ ገንዘብ አላት። ይህ ሁሉ ግን ሩዝ ሊገዛ አይችልም። ዱቤው 78,000 አንዱ ሲከፍል ሌላው እየወሰደ ሁሌም ውጭ ነው፤ ለኪራይ፣ ለጫኝና ለዕለት ወጪ ደግሞ 62,000 ትይዛለች። ለግዢ የሚተርፈው 420,000 ብር ነው። በመኸር ዋጋ፣ አንዱ ኩንታል ባሕር ዳር እስኪገባ በ7,000 ብር ቢሰላ፣ 60 ኩንታል ይሆናል፤ አምና በጥር ከታየው 61 ጋር የሚቀራረበው ለዚህ ነው። ማሰባሰብ የምትፈልገው 120 ነው። የጎደለው 60 ኩንታል፣ 420,000 ብር። የብድሩ መጠን ከየት እንደመጣ ሲታይ ባለሙያው ለኮሚቴው የሚጽፈው ምክንያት ያገኛል። «500,000 ብር ቢፈቀድልኝ» የሚል ጥያቄ ግን ከየትም አልመጣም።

እንዲህ ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ደብዳቤው ራሱ አጭር ነው። ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥ፤ የተቀረው በአባሪ ይሂድ።

«ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን …
ለ… ባንክ … ቅርንጫፍ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለሥራ ማስኬጃ ብድር ያቀረብኩትን ማመልከቻ በተመለከተ የክምችት ማብራሪያ ስለመስጠት

ኅዳር 5 ቀን ባቀረብኩት ማመልከቻ ለተፈተገ ሩዝ ግዢ የሚውል 420,000 ብር መጠየቄ ይታወሳል። በመጋዘኔ ያለውን ክምችት በተመለከተ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

ኅዳር 10 ቀን በተደረገ ቆጠራ በመጋዘኑ ባለ 50 ኪሎ 76 ጆንያ ተገኝቷል። ከዚህ ውስጥ 24 ጆንያ የሁለት ገበሬዎች የአደራ ዕቃ ስለሆነ በክምችቴ አልተካተተም። የራሴ 52 ጆንያ ወይም 26 ኩንታል ሲሆን በመግዣ ዋጋ 223,600 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የ6 ኩንታል ዋጋ 51,600 ብር ኅዳር 25 የምከፍለው ዕዳ ነው።

ሰኔ 30 ቀን 24 ኩንታል ነበረኝ። ከዚያ ወዲህ 139 ኩንታል ገዝቼ 136 ኩንታል ሸጫለሁ። በደብተርና በቆጠራ መካከል ያለው የ1 ኩንታል ልዩነት በመጓጓዣ፣ በነቀዝና በሚዛን የጎደለ ነው።

ክምችቴ በዚህ ወቅት ዝቅተኛ የሆነው ከመጋቢት እስከ ኅዳር ዋጋው ከፍ ስለሚል የሦስት ሳምንት ሽያጭ ብቻ እየያዝኩ በየሳምንቱ ስለምገዛ ነው። አምና በጥር መጨረሻ 61 ኩንታል የነበረኝ ሲሆን ከዚያ በላይ ያልገዛሁት በገንዘብ እጥረት ነው። ብድሩ ሲፈቀድ ከራሴ 420,000 ብር ጋር በማዋሐድ እስከ ጥር 30 ድረስ ክምችቴን 120 ኩንታል አደርሳለሁ። ከየካቲት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለ አዲስ ግዢ ከዚሁ እሸጣለሁ።

ስለሆነም ዋናው ብድር በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት መጨረሻ 140,000 ብር እየሆነ፣ ወለዱ ደግሞ በየወሩ እንዲከፈል እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ለቆጠራና ለማጣራት መጋዘኑ በማንኛውም የሥራ ቀን ክፍት ነው።

ከሰላምታ ጋር»

ከታች ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም ካለ ማህተም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የመጋዘኑ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ ስልክ። አባሪው የቆጠራ ወረቀት፣ የወር ክምችት ሰንጠረዥ፣ የግዢ ደረሰኞች፣ የአደራ ውል፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ ነው። የመጋዘን ኪራይ ውል የሚረሳ ነገር ነው፤ መጋዘኑ በወንድም ወይም በአከራይ ስም ከሆነ ዕቃው የማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ብዙ ቅርንጫፎች በዘልማድ የሚሰጡት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እኩል እኩል የሚከፈል ብድር ነው። ለባለ ሱቅ ይስማማል፤ ለመኸር ገዢ ግን ብድሩ የተወሰደበትን ምክንያት ያጠፋዋል። ታህሳስ መጀመሪያ የወሰደች ነጋዴ ጥር ላይ ዋናውን መክፈል ከጀመረች፣ ያን ጊዜ ገንዘቧ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ነው፤ ለመክፈል በዓመቱ ዝቅተኛ ዋጋ መሸጥ አለባት። የክምችቱ መስመር የሚያስረዳውም ይህን ነው፦ ከየካቲት ጀምሮ በወር 30 ኩንታል በአማካይ 8,400 ብር ሲሸጥ 252,000 ብር ይገባል፣ እስከ ግንቦት 8 አካባቢ ደግሞ ክምችቱ ወደ ዝቅተኛው መጠን 22 እስኪደርስ አዲስ ግዢ የለም። 140,000 የሚከፈለው ከዚህ ነው።

ደብዳቤው ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር እንዳይጋጭ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባንኩ ፊት ሦስት ወረቀት አለ፦ የነጋዴዋ ደብዳቤ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫዋ፣ ለገቢዎች ያሳወቀችው ሽያጭ። በወር 30 ኩንታል ማለት በዓመት 360 ኩንታል ነው፤ በዋጋ ሲባዛ የሚመጣውን ብር ማንም ባለሙያ በስልኩ ይደርስበታል። ለግብር የተነገረው የዚያ ሲሶ ከሆነ ደብዳቤው ምንም ያህል ቢያምር አይረዳም፤ ባንኩ የሚያበድረው በዝቅተኛው ቁጥር ነው፣ ያውም ካበደረ። በሂሳቧ ያለፈው ገንዘብም ከሽያጩ ጋር መቀራረብ አለበት። ሽያጩ በጥሬ ገንዘብ ገብቶ በጥሬ ገንዘብ ወደ ወረታ የሚሄድ ከሆነ መግለጫው ባዶ ነው፤ በቴሌብር የገባው በቤተሰብ ስልክ ከሆነም እንደዚያው። ይህን ማስተካከል የሚቻለው ከማመልከቻው ስድስት ወር በፊት እንጂ በዋዜማው አይደለም። ከገበሬ የተገዛ ሩዝ የሻጭ ደረሰኝ ስለማይኖረው የግዢ ቫውቸር ያስፈልጋል፦ የሻጩ ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎው፣ ዋጋው፣ ፊርማው። ደብተር ላይ «ከገበሬ 12 ኩንታል» ብቻ ብሎ መጻፍ ለ139 ኩንታል ማስረጃ አይሆንም።

የክምችቱ ጉዳይ ከማስረዳት አልፎ ዋስትና የመሆን ዕድልም አለው። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 የንግድ ዕቃን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ምዝገባውም በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። በተግባር ብዙ ቅርንጫፎች አሁንም ቤት ወይም መኪና ይጠይቃሉ። ሩዙ መያዣ ከተደረገ ግን ደብዳቤው የአንድ ጊዜ ማብራሪያ መሆኑ ይቀራል፤ በየወሩ ቆጠራ ማቅረብ ሊመጣ ይችላል፣ የአደራው 24 ጆንያም በስህተት ከተካተተ የሌላ ሰው ንብረት አሲዛ ተገኘች ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ካስቀመጠ ወዲህ፣ በኋላ ጣሪያው ከፍ ቢልም፣ ባንኮች ከሚቀርብላቸው ጥያቄ መርጠው ነው የሚያበድሩት። በኅዳር ጠይቆ በየካቲት ማግኘት ለሩዝ ገዢ እንዳላገኘ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በማይጎድል ወረቀት ቶሎ መግባት ከመልካም ደብዳቤ እኩል ይጠቅማል። የአምናው ሰንጠረዥና የግዢ ደረሰኞች በመስከረም ተሰብስበው ቢቀመጡ ኅዳር ላይ የሚቀረው ቆጠራው ብቻ ነው።

ብድሩ ያዋጣል ወይ የሚለው ስሌት ደብዳቤው ውስጥ ባይገባም ነጋዴዋ በእጇ ይዛው መሄድ አለባት፤ ባለሙያው ይጠይቃታል። ባትበደር ከመጋቢት 8 እስከ ግንቦት 8 ያለውን 60 ኩንታል ከጅምላ ሻጭ በአማካይ በ7,900 ትገዛዋለች። በመኸር ገዝታ ካቆየችው በ7,000። ልዩነቱ በኩንታል 900፣ በጠቅላላው 54,000 ብር ነው። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆንና ገንዘቡ ታህሳስ 1 ቢወሰድ፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ አራት ወር 25,200፣ በሚያዝያ 4,200፣ በግንቦት 2,100፤ በድምሩ 31,500 ብር ይከፈላል። በመጋዘን የሚጎድለውን ሁለት በመቶ ብናደርገው 1.2 ኩንታል፣ 8,400 ብር ነው። የሚተርፋት 14,100 ብር ነው፣ የባንኩ የአገልግሎት ክፍያና የመድን ወጪ ሳይነሳ።

ትርፉ ቀጭን ነው፤ ይህን ያላየ ነጋዴ ብድር ሲፈቀድለት ደስ ይለዋል፣ ግንቦት ላይ ግን ገንዘቡ የት እንደገባ አያውቅም። ወለዱና ጉድለቱ በአንድ ላይ 39,900 ብር ስለሆኑ ለ60 ኩንታል ሲከፋፈሉ በእያንዳንዱ ላይ 665 ብር ያርፋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የጅምላ ዋጋው ከ7,665 ብር በታች ከቆየ ብድሩ ኪሳራ ነው። እርጥበቱ ከ14 በመቶ በላይ የሆነ ሩዝ ከተገዛ ደግሞ ሁለት በመቶው ጉድለት ይበልጣል፤ ሻጋታና ነቀዝ ይከተላል፣ የደረቀውም ሚዛኑ ይቀንሳል። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ሩዝ ደርቋል ይባላል፣ የሚለሰልሰው ግን ገና ነው፤ የእርጥበት መለኪያ ያለው መፈተጊያ ቤት ካለ እሱ ይሻላል።

ለዚህ ነው ብድሩን በሁለት ጊዜ መውሰድ የሚሻለው፣ ባንኩ ከፈቀደ። ታህሳስ መጀመሪያ 210,000 ብር ወስዳ 30 ኩንታል ትገዛለች፤ የቀረውን ጥር ላይ የወረታን ዋጋ አይታ ትወስዳለች። ባሕር ዳር እስኪገባ ከ7,200 ካለፈ ሁለተኛውን ትተወዋለች፤ ጥር 30 ላይም 120 ሳይሆን 90 ኩንታል ይቆጠራል። ይህ እንዲሆን ደብዳቤው ውስጥ «እስከ 420,000 ብር፣ በሁለት ጊዜ የሚለቀቅ» የሚል ሐረግ ከመጀመሪያው መግባት አለበት፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም።